ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ አብረው ሲመጡ፦ ዱቄትና ጨርቅ ለመደመር የትኛው ዘዴ ይሻላል?

አንድ የፍራፍሬ ኬክ ዱቄቱን በአራት ቦታ ከፋፍሎ ይጠይቃል እንበል። ለሊጡ 1 እና 2/3 ኩባያ፣ ከላይ ለሚነሰነሰው ፍርፋሪ 3/4 ኩባያ፣ ሊጡ ሲዳመጥ እንዳይጣበቅ ለመነስነሻ 1/2 ኩባያ፣ ክሬሙን ለማወፈር ደግሞ 1/8 ኩባያ። በጠቅላላው ስንት ኩባያ ዱቄት ያስፈልጋል? ከመስመሩ በታች ያሉት ቁጥሮች፣ ማለትም ታህቶቹ፣ 3፣ 4፣ 2 እና 8 ናቸው። ስለዚህ የላይኞቹን፣ ማለትም ላዕሎቹን፣ እንዲሁ ደምሮ መገላገል አይቻልም።

መልሱ 3 እና 1/24 ኩባያ ነው። ሒሳቡ ምንም አልጎደለውም፤ ችግሩ 1/24 የሚል መስፈሪያ ኩባያ አለመኖሩ ነው። ይኸው መልስ በሌላ መንገድ ቢሠራ «3 ኩባያ ከ2 የሻይ ማንኪያ» ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወዲያው መስፈር ይቻላል። የልኬት ክፍልፋይ ለመደመር ዘዴ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የቱ ይቀለኛል?» ብሎ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ድምሩ መጨረሻ ላይ በምን እንደሚለካ ነው እንላለን። በማንኪያ ነው፣ በሴንቲሜትር፣ በኢንች ወይስ በሚዛን? የዘዴው ምርጫ በአብዛኛው ከዚያ ይወሰናል።

ከዚህ በታች አራት መንገዶችን በዚሁ የዱቄት ምሳሌ እናወዳድራለን፤ ከዚያ ወደ ጨርቅ እንሻገራለን፤ እዚያ አንዳንዱ ነገር ይገለበጣል።

መንገድ የማይባለው

ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት መደመር፣ ለምሳሌ 1/2 + 1/3 = 2/5 ማለት፣ ከአራቱ መንገዶች አይቆጠርም። ቢሆንም ተቻኩሎ በሚሠራ ሒሳብ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ስለሚል መለያውን ማወቅ ይጠቅማል። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ኩባያ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት ከግማሽ በታች ሊሆን አይችልም። ድምሩ ከተደማሪዎቹ ከአንዱ እንኳ ካነሰ ታህቶቹ ተደምረዋል ማለት ነው። ታህት የሚነግረን ቁራሹ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ነው እንጂ የቁራሽ ብዛት አይደለም። ስለዚህ ቁራሾቹ በመጠን እኩል እስኪሆኑ ድረስ መቁጠር አይጀመርም፤ ታህቱም በመደመር አይለወጥም።

አንደኛው፦ ታህቶቹን በሙሉ እርስ በርስ ማባዛት

ይህ ምንም ማሰብ የማይጠይቅ መንገድ ነው። ሁለት ክፍልፋይ ብቻ ሲኖር ጥሩ ነው። 2/3 እና 3/4ን ለመደመር 3ን በ4 አባዝተን 12 እናገኛለን። 2/3 ላዕሉም ታህቱም በ4 ሲባዛ 8/12 ይሆናል፣ 3/4 ደግሞ በ3 ሲባዛ 9/12። ድምሩ 17/12፣ ማለትም 1 እና 5/12 ነው። ታህቶቹ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ከዚህ የተሻለ አጭር መንገድም የለም።

ተደማሪዎቹ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ ግን ነገሩ ይበላሻል። በዱቄቱ ምሳሌ 3 × 4 × 2 × 8 = 192 ይመጣል። ሙሉውን 1 ወደ ጎን ካቆየነው ክፍልፋዮቹ 128/192፣ 144/192፣ 96/192 እና 24/192 ይሆናሉ። ድምሩ 392/192 ነው። ይህ 2 እና 8/192 ነው፤ ሲቃለል 2 እና 1/24፤ የቆየውን 1 ስንመልስ 3 እና 1/24። መልሱ ልክ ነው፤ ነገር ግን በባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች አራት ጊዜ ማባዛት፣ ከዚያ መደመር፣ ከዚያ ማካፈል፣ በመጨረሻም ማቃለል አስፈልጓል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ታህቱን አባዝቶ ላዕሉን በመርሳት ነው፤ 3/4 ወደ 3/192 ተለውጦ ይቀራል። ከግማሽ ኩባያ በላይ የነበረው ዱቄት ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ሆኖ ይገባል፤ በትላልቅ ቁጥሮች መሃል ግን ዓይን አይይዘውም።

የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ሁለት ክፍልፋይ ብቻ ከሆኑና አንዱ ሲሶ፣ ሌላው ሩብ ወይም ስምንተኛ ከሆነ ይጠቀሙበት። ከሁለት ካለፉ ይተውት።

ሁለተኛው፦ ትንሹን የጋራ ታህት መፈለግ

በትምህርት ቤት ትንሹ የጋራ ብዜት እየተባለ የሚሰጠው ነው። በወረቀት ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚታመነው ይህ ነው። አፈላለጉ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ይቀላል። ከታህቶቹ ትልቁን ይያዙ፤ እሱን በ1፣ በ2፣ በ3 እያባዙ ሌሎቹ ሁሉ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ይቁሙ። በምሳሌያችን ትልቁ 8 ነው። 8ን 3 አያካፍለውም። 16ንም አያካፍለውም። 24ን 3ም፣ 4ም፣ 2ም ያካፍሉታል። ስለዚህ 24 ነው።

አሁን 2/3 ማለት 16/24፣ 3/4 ማለት 18/24፣ 1/2 ማለት 12/24፣ 1/8 ማለት 3/24 ነው። 16 + 18 + 12 + 3 = 49። 49/24 ደግሞ 2 እና 1/24፤ ከ1 ጋር 3 እና 1/24። ከመጀመሪያው መንገድ ጋር ሲተያይ ቁጥሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ማቃለልም አላስፈለገም።

ታህቶቹ አንዱ የሌላው ብዜት ከሆኑ ፍለጋ እንኳ የለም። 1/2፣ 3/4 እና 5/8 ሲደመሩ ትልቁ 8 ራሱ የጋራ ታህት ነው፦ 4 + 6 + 5 = 15፣ ማለትም 15/8፣ 1 እና 7/8። ይህን ሳያዩ 2 × 4 × 8 = 64 ብሎ መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ ተደባልቀው ሲመጡ ሙሉ ቁጥሮቹን ለብቻ፣ ክፍልፋዮቹን ለብቻ ደምሮ መጨረሻ ላይ ማገናኘት ይሻላል። 1 እና 2/3ን መጀመሪያ ወደ 5/3 መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን 7 እና 3/8 ዓይነት ልኬት ሲመጣ 59/8 እያሉ መሄድ ቁጥሩን ያለ ጥቅም ያሳብጠዋል። ለብቻ ሲደመር የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ክፍልፋዮቹ ከአንድ ሙሉ ሲያልፉ ትርፉ ወደ ሙሉ ቁጥሩ መሻገር አለበት። 49/24 ውስጥ ሁለት ሙሉ ተደብቀዋል፤ እነሱ ካልተሻገሩ ሁለት ኩባያ ዱቄት ይጎድላል።

የዚህ መንገድ ድክመት ሒሳቡ ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነው። 1/24 ኩባያ በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለቀው ሒሳብ ወጥ ቤት ሲገባ እንደገና መተርጎም ይፈልጋል፤ ይህ ነው ወደ ሦስተኛው የሚወስደን።

ሦስተኛው፦ ሁሉንም ወደ ትንሽ መለኪያ ማውረድ

ለምግብ ልኬት ከአራቱ የምንመርጠው ይህንን ነው። አንድ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 3 የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ አንድ ኩባያ 48 የሻይ ማንኪያ ይይዛል። 48 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ12 እና ለ16 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በምግብ አሰራር ላይ የሚገኙት የኩባያ ክፍልፋዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሻይ ማንኪያ ሙሉ ቁጥር ይሆናሉ ማለት ነው። የጋራ ታህት መፈለግ አያስፈልግም፤ ማንኪያው ራሱ የጋራ ታህት ሆኗል።

| ኩባያ | የሻይ ማንኪያ |
|---|---|
| 1/8 | 6 |
| 1/6 | 8 |
| 1/4 | 12 |
| 1/3 | 16 |
| 3/8 | 18 |
| 1/2 | 24 |
| 2/3 | 32 |
| 3/4 | 36 |

የዱቄቱ ሒሳብ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። 1 እና 2/3 ኩባያ 48 + 32 = 80 ነው። 3/4 ኩባያ 36፣ 1/2 ኩባያ 24፣ 1/8 ኩባያ 6። ድምሩ 146 የሻይ ማንኪያ። 146 ውስጥ 48 ሦስት ጊዜ ይገባል፣ 144፤ 2 ይተርፋል። 3 ኩባያ ከ2 የሻይ ማንኪያ።

ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው አሰራሩ በእጥፍ ሲሠራ ወይም ሲከፈል ነው። በእጥፍ ከሆነ 292 የሻይ ማንኪያ ይሆናል፦ 6 ኩባያ (288) እና 4 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 6 ኩባያ ከ1 የሾርባ ማንኪያና ከ1 የሻይ ማንኪያ። በግማሽ ከሆነ 73 ነው፦ 1 ኩባያ (48)፣ ግማሽ ኩባያ (24) እና 1 የሻይ ማንኪያ። ይህንኑ 3 እና 1/24 ላይ ለመሥራት ቢሞከር 1 እና 25/48 ይመጣል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ማንኪያ መመለስ ሊኖር ነው።

ለምን በሾርባ ማንኪያ አንቆጥርም የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ሲሶ ነው። 16 ለ3 አይካፈልም፤ ሲሶ ኩባያ 5 የሾርባ ማንኪያ ከ1 የሻይ ማንኪያ ነው። በአሰራሩ ውስጥ ሲሶም ስድስተኛም ከሌለ፣ ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ ብቻ ካለ፣ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ቁጥሮቹም ያንሳሉ። ሲሶ አንድ ጊዜ እንኳ ከገባ ወደ ሻይ ማንኪያ መውረድ ነው። ሲሶን «5 የሾርባ ማንኪያ ያህል» ብሎ ማለፍ በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ያጎድላል። ዱቄት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ጨው ወይም የሊጥ ማፍኪያ በዚያው ልክ ሲሰላ ግን ይታያል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የእጅዎ ኩባያና ማንኪያ ከአንድ ሥርዓት ከሆኑ ነው። 48 የሚለው ቁጥር የአሜሪካ አለካክ ነው። ኩባያው ወደ 237 ሚሊሊትር ነው፤ ብዙ መስፈሪያዎች ላይ 240 ተብሎ ይጻፋል፤ የሻይ ማንኪያውም ወደ 5 ሚሊሊትር ነው። 250 ሚሊሊትር የሚይዝ ኩባያም አለ፤ እሱ 50 የሻይ ማንኪያ ነው እንጂ 48 አይደለም። በአውስትራሊያ ደግሞ የሾርባ ማንኪያው 20 ሚሊሊትር ስለሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ይይዛል። የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ ሩብ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በሻይ ማንኪያ ውሃ ይሙሉት። 12ኛው ማንኪያ ሲገባ ውሃው ከአፉ ጋር እኩል ከሆነ ሠንጠረዡ ለእርስዎ ይሠራል። ከ12 በኋላም ግማሽ ማንኪያ ያህል ቦታ ከቀረ ኩባያው ባለ 250 ነው። ያን ጊዜ በማንኪያ ከመቁጠር በሚሊሊትር መደመር ይሻላል፦ ሩብ 62.5፣ ሲሶ 83.3፣ ግማሽ 125።

አንድ ወሰን ደግሞ አለ። 48 ለ5 አይካፈልም። 2/5 ኩባያ የሚል አሰራር እምብዛም አይገኝም፤ ከመጣ ግን ይህ መንገድ ቁራሽ ያመጣል፤ ወደ ሁለተኛው መመለስ ነው።

አራተኛው፦ ወደ አስርዮሽ ቀይሮ በማሽን መደመር

ስልክ በእጅ እያለ ለምን እንቸገራለን የሚለው ክርክር ትክክለኛ ነው፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ክፍልፋዩን በጭንቅላት ወደ አስርዮሽ ቀይረው አጠጋግተው አያስገቡ፤ እንዳለ ያስገቡት። ታህታቸው 2፣ 4፣ 5፣ 8፣ 10 የሆኑ ክፍልፋዮች በአስርዮሽ ያልቃሉ፦ 0.5፣ 0.25፣ 0.125። ሲሶና ስድስተኛ ግን አያልቁም፤ 0.333... እያሉ ይቀጥላሉ። አንድ ሰው የዱቄቱን ምሳሌ በአንድ አሃዝ አጠጋግቶ 1.7 + 0.8 + 0.5 + 0.1 ቢያደርግ 3.1 ያገኛል። ትክክለኛው 3.0417 ነው። ልዩነቱ ወደ 0.058 ኩባያ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ያጠፋው መደመሩ ሳይሆን ሳይደመር በፊት ማጠጋጋቱ ነው።

ስለዚህ በማሽኑ ላይ እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

```
1+2/3+3/4+1/2+1/8
```

3.0416... የሚል ይመጣል። ሙሉውን 3 ኩባያ ብለው ያስቀምጡ። የቀረውን 0.0416... በ48 ሲያባዙት 2 ይሰጣል፤ እሱ የሻይ ማንኪያው ነው። ይህቺ የመጨረሻ ማባዣ ከሌለች አስርዮሽ ለወጥ ቤት ከ1/24 የተሻለ ነገር አይነግርም።

ማካፈልን ከመደመር የማያስቀድሙ ርካሽ የኪስ ማሽኖች አሉ፤ እንደተጫነው ቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት። በእነሱ 1 + 2 ÷ 3 መልሱ 1 ይሆናል፤ መጀመሪያ 1 እና 2ን ደምረው 3ን ለ3 ስለሚያካፍሉ። ትክክለኛው 1.666... ነው። ይህን ሦስት ቁጥር አስገብቶ መፈተን ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። በኤክሴል የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ ሳጥኑ ውስጥ 3/4 ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ቀን አድርጎ ይይዘዋል። ከፊቱ የእኩል ምልክት አድርጎ `=3/4` ወይም ዜሮና ክፍት ቦታ አስቀድሞ `0 3/4` ብሎ መጻፍ ይፈታዋል።

ወደ ጨርቅ ሲኬድ

በጨርቅ ላይ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ መለኪያው ሴንቲሜትር ከሆነ ሲሶን ሙሉ ቁጥር የሚያደርግ እንደ 48 ያለ ቁጥር የለንም፤ 100 ለ3 አይካፈልም። ሁለተኛ፣ ስህተቱ ሁለት ፊት የለውም። ዱቄት ትንሽ ቢበልጥም ቢያንስም ሊስተካከል ይችላል፤ ጨርቅ ሲተርፍ ይታጠፋል፣ ሲያንስ ግን የሚቀጠልበት መንገድ የለም።

አንድ ልብስ ለአካሉ 1 እና 3/4 ሜትር፣ ለእጅጌው 2/3 ሜትር፣ ለአንገትጌና ለኪስ 3/8 ሜትር ይፈልጋል እንበል። በትንሹ የጋራ ታህት 18/24 + 16/24 + 9/24 = 43/24፣ ማለትም 1 እና 19/24፤ ከ1 ጋር 2 እና 19/24 ሜትር። በሴንቲሜትር ደግሞ 175 + 66.67 + 37.5 = 279.17። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ግን ጨርቅ የሚቆርጠው ሰው 19/24 ተብሎ ቢነገረው ምንም አያደርግለትም። 2 ሜትር ከ80 ቢባል ይቆርጣል።

ጥያቄው ማጠጋጋቱ የት ይሁን ነው። ቁጥሮቹን ለማሳጠር ክፍልፋዩን እየጣለ 175 + 66 + 37 ያደረገ ሰው 278 ያገኛል። ከትክክለኛው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አነሰ። ለስፌት የሚተወው ትርፍ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ አብዛኛው አለቀ ማለት ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ላይ አጠጋግቶ 175 + 67 + 38 ያለ ግን 280 ያገኛል፤ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም ትርፉ። ስለዚህ ለጨርቅ ደንቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። 0.2 ቢሆንም ወደ ላይ።

ተመሳሳይ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሲቆረጥ ግን ይህ ደንብ እርማት ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው 1/3 ሜትር የሆኑ 12 ቁራጮች ቢያስፈልጉ በክፍልፋይ 12/3፣ ልክ 4 ሜትር ነው። 33 ሴንቲሜትር ብሎ በ12 ያባዛ 396 ያገኛል፤ አራት ሴንቲሜትር ይጎድለዋል፤ የመጨረሻው ቁራጭ 29 ሆኖ ይቀራል። 34 ብሎ ያባዛ ደግሞ 408 ይገዛል። መጀመሪያ በክፍልፋይ ማባዛት፣ ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ነው የሚሻለው። የመቁረጫ መስመሮቹንም ጨርቁ ላይ ሲያሰምሩ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ 33.3 እየለኩ አይሂዱ። ሜትሩን ከጫፍ ሳያነሱ 33.3፣ 66.7፣ 100 ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አለዚያ በእያንዳንዱ ልኬት የሚገባው ሚሊሜትር እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በኢንች የሚሠራ ሰው ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነው ያለው፤ ሆኖም ብዙዎች የሚያከብዱት ይህንኑ ነው። የኢንች መለኪያ የሚከፋፈለው በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ ነው። እያንዳንዱ የቀደመው ግማሽ ስለሆነ ትልቁ ታህት ሁልጊዜ የጋራ ታህት ነው። 7/16፣ 5/8፣ 3/4 እና 1/2 ኢንች ይደመሩ ቢባል ሁሉም በአሥራ ስድስተኛ 7 + 10 + 12 + 8 = 37 ይሆናሉ። 37/16፣ 2 እና 5/16 ኢንች። ታህቶቹን ያባዛ ሰው 16 × 8 × 4 × 2 = 1024 ላይ ይደርስ ነበር። ይህን በሒሳብ ሳይሆን በዓይንም ማድረግ ይቻላል፦ በሜትሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ይቁጠሩ። መጀመሪያ ግን አንዱ ኢንች ውስጥ ስንት ክፍተት እንዳለ ይመልከቱ። አንዳንድ የልብስ ስፌት ሜትር በስምንተኛ ብቻ የተከፈለ ነው፤ በእሱ ላይ 5 መስመር 5/8 ነው እንጂ 5/16 አይደለም፤ ስህተቱ እጥፍ ነው።

ያርድ ከመጣ ወደ ኢንች ማውረድ ነው። አንድ ያርድ 36 ኢንች ስለሆነ ሲሶው 12፣ ሩቡ 9፣ ግማሹ 18 ነው፤ ስምንተኛው ብቻ 4.5 ይሆናል። 1/3 እና 3/8 ያርድ 12 + 13.5 = 25.5 ኢንች። አስርዮሽ እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። በሜትር 2.79 ማለት 2 ሜትር ከ79 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሰው ነጥቡን እንዳለ ማንበብ ይለምዳል። 1.25 ያርድ ግን 1 ያርድ ከ25 ኢንች አይደለም፤ ሩብ ያርድ 9 ኢንች ነውና 1 ያርድ ከ9 ኢንች ነው። 1.5 ኩባያም እንዲሁ 1 ኩባያ ከ5 ማንኪያ አይደለም።

እንግዲህ የቱን?

የኩባያና የማንኪያ ልኬት ከሆነ፣ ሲሶ ወይም ስድስተኛ ካለበት ወደ ሻይ ማንኪያ፣ ሁለቱም ከሌሉበት ወደ ሾርባ ማንኪያ ያውርዱ። የኢንች ክፍልፋይ ከሆነ ትልቁን ታህት ይያዙና ሌላውን ይተውት። በሜትር የተሰጠ ጨርቅ ከሆነ ሲሶ እስከሌለ ድረስ ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ሲሶ ወይም ስድስተኛ ካለና በተለይ ተደጋግሞ የሚቆረጥ ከሆነ በትንሹ የጋራ ታህት ደምረው መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ሴንቲሜትር ይለውጡ። ማሽኑ ረጅም ዝርዝር ሲኖር ይመቻል፤ ስምንትና አሥር ተደማሪ ያለበትን ነገር በወረቀት መሥራት አንመክርም።

በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ድምሩን ለመፈተን እያንዳንዱን ክፍልፋይ ወደ ቅርቡ ግማሽ ወይም ሙሉ ወስዶ መደመር ይበቃል። በዱቄቱ ምሳሌ 1 እና 2/3 ወደ 1 እና 1/2፣ 3/4 ወደ 1፣ 1/2 እንዳለ፣ 1/8 ወደ 0፤ ድምሩ 3 ያህል። 3 ኩባያ ከ2 የሻይ ማንኪያ ለዚህ ቅርብ ነው። 2 ወይም 5 ቢመጣ ኖሮ የሆነ ቦታ ላይ ሙሉ ቁጥር ሳይሻገር ቀርቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

መደመር የሌለባቸው

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ድምሩ ትርጉም የማይኖረው ጊዜም አለ። ግማሽ ኩባያ ዱቄትና ሲሶ ኩባያ ስኳር 5/6 ኩባያ ቦታ ይይዛሉ ብሎ ሳህን ለመምረጥ ይህ አይበቃም፤ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ሊቀንስ ይችላል። በኩባያ የተሰጠን ዱቄት በግራም ከተሰጠ ዱቄት ጋር ለመደመርም አስቀድሞ የእጅዎ አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም እንደሆነ በሚዛን መታወቅ አለበት፤ ተነፍቶ የተሰፈረና በኩባያው ተጨፍልቆ የተዛቀ ዱቄት ክብደታቸው አንድ አይደለም።

በጨርቅ ደግሞ ርዝመት የሚደመረው ቁራጮቹ በጨርቁ ላይ ተከታትለው ሲቀመጡ ነው። ጎን ለጎን የሚገቡ ከሆነ የረጅሙ ርዝመት ብቻ ይወሰዳል። ከላይ ባለው ልብስ አካሉ ከጨርቁ ወርድ ላይ በቂ ቦታ ካስተረፈና አንገትጌውና ኪሱ እዚያ ከገቡ 3/8 ሜትሩ ከድምሩ ይወጣል፤ 1 እና 3/4 ከ2/3 ጋር 2 እና 5/12 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 242 ሴንቲሜትር። ጨርቁ ሲታጠብ የሚሰበሰብ ከሆነ የመሰብሰቢያው ትርፍ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሳይሆን በዚህ ድምር ላይ አንድ ጊዜ ይሰላል። 5 በመቶ የሚሰበሰብ ጨርቅ ከታጠበ በኋላ 242 እንዲቀር 242ን ለ0.95 ማካፈል ነው፤ 254.7 ይመጣል፣ 255 ይገዛል። 242 ላይ 5 በመቶ ጨምሮ 254.1 የገዛ ሰው ታጥቦ ሲወጣ 241.4 ያህል ብቻ ይቀርለታል።